ለፍሳሽ መስመር ስንት ቱቦ፣ ስንት ጠጠር፣ ስንት ሜትር ኪዩብ ቁፋሮ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ግቢ ውስጥ የፍሳሽ መስመር ሊዘረጋ ሲል ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው የቱቦውን ዋጋ ነው። ቁፋሮው፣ ጠጠሩና ተርፎ የሚወጣው አፈር የሚታሰቡት ሥራው ከተጀመረ በኋላ ነው። ያኔ ደግሞ ከቆፋሪ ጋር ክርክር ይነሳል። ሁሉም ግን ቀድሞ በወረቀት ላይ ሊሰላ ይችላል። ከላይኛው ማንሆል እስከ ታችኛው ቱቦው ስንት እንደሚወርድ ከታወቀ የቀረው ማባዛትና ማካፈል ነው።

ከታች ላሉት መልሶች በሙሉ አንድ ምሳሌ እንይዛለን። ብዙ መጸዳጃ ያለው የጂ ፕላስ 2 ቤት ነው። ከግቢው የመጨረሻ ማንሆል እስከ መንገድ ዳሩ ማንሆል 42 ሜትር አለ። ቱቦው 160 ሚሊ ሜትር ፒቪሲ ነው። ስሎፑ 1 በ60 ነው። መሬቱ ከላይ ወደ ታች 20 ሳንቲ ሜትር ብቻ ዝቅ ይላል።

«1 በ60» ሲባል ምን ማለት ነው?

ቱቦው 60 ሜትር በሄደ ቁጥር 1 ሜትር ይወርዳል ማለት ነው። በሳንቲ ሜትር ብናየው በየ60 ሳንቲ ሜትሩ 1 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። 6 ሜትር በሆነ አንድ ቱቦ ላይ 10 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ይህችን 10 ሳንቲ ሜትር በቃልዎ ይያዟት፤ ቦይ ዳር ቆመው ሲቆጣጠሩ ካልኩሌተር አያስፈልግዎትም።

በእኛ ምሳሌ ርቀቱን ለ60 ስናካፍል 42 ÷ 60 = 0.70 ሜትር እናገኛለን። ስለዚህ የቱቦው ታችኛ ጫፍ ከላይኛው ጫፍ 70 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ማለት አለበት። የመሬቱ መውረድ ከዚህ ጋር አይደባለቅ። መሬቱ 20 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው የወረደው፣ ቱቦው ግን 70። ልዩነቱ 50 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ቦዩ ወደ ታች በሄደ ቁጥር በዚህን ያህል እየጠለቀ ይሄዳል።

ስሌቱን ከየትኛው ጫፍ ልጀምር?

ከታችኛው። ብዙ ሰው ከቤቱ ጀምሮ እየቆፈረ ይሄድና መጨረሻ ላይ ነባሩ ማንሆል ከቱቦው ከፍ ብሎ ያገኘዋል። ያን ጊዜ የተቆፈረውን መልሶ መሙላት ይመጣል።

መጀመሪያ የታችኛውን ማንሆል ክዳን ከፍተው ፍሳሹ የሚሄድበት ወለል ከመሬት በታች ስንት እንደሆነ ይለኩ። ወደ ውስጥ አይግቡ፤ ፍሳሽ ያለበት ማንሆል ውስጥ ሰው የሚገድል ጋዝ ሊኖር ይችላል። ከላይ ሆነው ረጅም እንጨት ወይም ሜትር ማውረድ ይበቃል።

ከዚያ ቤቱ ጋ ያለውን ጥልቀት ይዩ። በምሳሌያችን የላይኛው ማንሆል ወለል ከመሬት 60 ሳንቲ ሜትር በታች ነው። ቱቦው 70 ይወርዳል፣ መሬቱ 20 ይወርዳል፤ ስለዚህ መንገድ ዳር ሲደርስ ጥልቀቱ 60 + 70 − 20 = 110 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። መንገድ ዳሩ ያለው ማንሆል 1.10 ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ጥልቀት ካለው ሰላም ነው።

1 ሜትር ብቻ ቢሆንስ? ያለን መውረድ 60 ሳንቲ ሜትር ይሆናል ማለት ነው። 42 ÷ 0.60 = 70፤ ስሎፑ 1 በ70 ይሆናል፣ ለዚህ ቤት አሁንም ይሠራል። ማንሆሉ 80 ሳንቲ ሜትር ብቻ ከሆነ ግን ስሎፑ ወደ 1 በ105 ይወርዳል። እኔ ለአንድ ቤት መስመር እዚህ ደረጃ ላይ አልደርስም። የሚሻለው የላይኛውን ማንሆል ከፍ ማድረግ ይቻል እንደሆነ ማየት ነው። ካልተቻለ ወደ ሌላ ማንሆል የሚወስድ መንገድ ይፈለጋል።

«ስሎፑ ካነሰ ቱቦውን አተልቀዋለሁ» የሚሉ አሉ። ይህ አይሠራም። ሰፊ ቱቦ ውስጥ ትንሽ ውሃ ሲሄድ ተንጣልሎ ስስ ይሆናል፤ ደረቁን ነገር የማንሳት አቅም ያጣል። ቱቦው ገና ብዙ ክፍት ቦታ እያለው ከሥሩ እየተዘጋ ይሄዳል።

42 ሜትርን ለ6 ሳካፍል 7 ይመጣል። 7 ቱቦ ልግዛ?

7 አይበቃም፣ 8 ይግዙ። ምክንያቱ መጋጠሚያው ነው። የአንዱ ቱቦ ጫፍ ወደሌላው ሰፊ አፍ ሲገባ ርዝመት ይበላል። በ160 ሚሊ ሜትር ቱቦ ላይ ወደ 10 ሳንቲ ሜትር ብለን እንያዝ። ሰባት ቱቦ ስድስት መጋጠሚያ አለው፤ 60 ሳንቲ ሜትር ይበላል። የተገጣጠመው መስመር 41.40 ሜትር ይሆናል። የላይኛው ማንሆል ጋ ሲደርሱ 60 ሳንቲ ሜትር ይጎድልዎታል።

ስምንተኛው ቱቦ ላይ 70 ሳንቲ ሜትር ተቆርጦ ክፍተቱን ይሞላል፤ 10 ሳንቲ ሜትሯ አፍ ውስጥ ትገባለች፣ 60ዋ ትቀራለች። ይህች አጭር ቁራጭ ከማንሆሉ ግድግዳ አጠገብ መሆኗ በራሱ ጥሩ ነው። ማንሆሉ ከባድ ስለሆነ ከቱቦው በተለየ ልክ ሊሰምጥ ይችላል። መጋጠሚያ ቅርብ ካለው፣ በተለይ ጎማ ያለው ከሆነ፣ ትንሽ ይተጣጠፋል እንጂ ቱቦው ግድግዳው ጋ አይሰበርም።

ሱቅ ላይ ሁለት ነገር ይለኩ። አንደኛ፣ 6 ሜትር የተባለው ሰፊውን አፍ ጨምሮ ነው ወይስ ሳይጨምር? ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል። ሁለተኛ፣ አፉ ስንት ሳንቲ ሜትር ይገባል? ከላይ ያለው ስሌት አፉ በ6 ሜትሩ ውስጥ እንዳለ ወስዶ ነው። 42 ሜትሩም ከማንሆል ውስጠኛ ግድግዳ እስከ ማንሆል ውስጠኛ ግድግዳ ነው። ከውጭ እስከ ውጭ ከለኩ ሁለቱን የግድግዳ ውፍረቶች ይጨምሩ።

ቱቦው አዘቅዝቆ ስለሚሄድ ርዝመቱ አይጨምርም?

ይጨምራል፣ ግን አይታይም። 42 ሜትር ሄዶ 70 ሳንቲ ሜትር ሲወርድ ርዝመቱ የሚጨምረው 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ይርሱት።

ቁፋሮው ስንት ሜትር ኪዩብ ይሆናል?

እስካሁን ጥልቀት ስንል የቱቦውን የውስጥ ወለል ማለታችን ነበር። ባለሙያዎች ኢንቨርት የሚሉት እሱን ነው። የቦዩ ወለል ግን ከዚያ ዝቅ ይላል፤ ቱቦው ሥር የጠጠር ንጣፍ አለና። 10 ሳንቲ ሜትር ጠጠር እንያዝ። የቱቦው የራሱ ውፍረት ጥቂት ሚሊ ሜትር ስለሆነ እንተወው።

ስለዚህ የቦዩ ጥልቀት በላይኛው ጫፍ 0.70 ሜትር፣ በታችኛው 1.20 ሜትር ነው። አማካዩ 0.95 ሜትር። የቦዩን ስፋት 60 ሳንቲ ሜትር ብንወስድ፦

```
42 × 0.60 × 0.95 = 23.94
```

24 ሜትር ኪዩብ ገደማ ማለት ነው። አንዳንድ ቆፋሪ የመጨረሻውን ጥልቀት ይዞ 42 × 0.60 × 1.20 ብሎ 30 ሜትር ኪዩብ ሊያስከፍል ይሞክራል። ስድስት ሜትር ኪዩብ ልዩነት ነው። ትክክለኛው አማካይ ጥልቀት ነው።

አማካዩን ሁልጊዜ ከሁለቱ ጫፎች ብቻ መውሰድ ይቻላል?

መሬቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ወጥ ሆኖ የሚወርድ ከሆነ ብቻ። መሐል ላይ ጉብታ ካለ ስሌቱ ያታልላል፤ ቱቦው መሬቱን ሳይሆን ስሎፑን ነው የሚከተለው።

የእኛ ግቢ ልክ መሐሉ ላይ፣ 21ኛው ሜትር አካባቢ፣ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ ቦታ አለው እንበል። ወጥ ቢሆን ኖሮ እዚያ ጋ ጥልቀቱ 0.95 ነበር፤ ከጉብታው ጋር 1.25 ይሆናል። አሁን መስመሩን ለሁለት ከፍሎ ማስላት ነው። የመጀመሪያው 21 ሜትር አማካይ ጥልቀት 0.975 ነው፣ ቁፋሮው 12.3 ሜትር ኪዩብ ገደማ። የሁለተኛው 21 ሜትር አማካይ 1.225 ነው፣ ቁፋሮው 15.4 ገደማ። ድምሩ 27.7 ይሆናል። ሁለቱን ጫፍ ብቻ ያየ ሰው 3.8 ሜትር ኪዩብ ያህል ይስታል።

ቁፋሮ ከመጀመሩ በፊት ውሃ በተሞላ ግልጽ ጎማ በየ6 ሜትሩ የመሬቱን ከፍታ ይውሰዱ። ሁለት ሰው ካለ ብዙ ጊዜ አይፈጅም። በየ6 ሜትሩ መሆኑ ሌላም ጥቅም አለው፤ ቱቦው በእያንዳንዱ ነጥብ 10 ሳንቲ ሜትር ስለሚወርድ የየነጥቡን ጥልቀት ወዲያው ማውጣት ይችላሉ።

ስፋቱ ለምን 60 ሳንቲ ሜትር? ቱቦው እኮ 16 ብቻ ነው።

ሰው እግሩን አሳርፎ የሚሠራበት ቦታ ስለሚያስፈልግ ነው። በቱቦው ግራና ቀኝ 22 ሳንቲ ሜትር ይቀራል፤ እግር ይገባል፣ ጠጠሩን ቱቦው ጎን በእጅ መጠቅጠቅ ይቻላል። ከ45 ሳንቲ ሜትር በታች ከጠበበ ጠጠሩ ከቱቦው ብብት ሥር ሳይገባ ይቀራል፣ ባዶ ቦታ ይፈጠራል።

መስፋቱም ግን በነጻ አይደለም። እያንዳንዱ ተጨማሪ 10 ሳንቲ ሜትር ስፋት በዚህ መስመር ላይ 4 ሜትር ኪዩብ ቁፋሮና 1.5 ሜትር ኪዩብ ጠጠር ይጨምራል። ቆፋሪ ሰፊ ቦይ ይመቸዋል፣ ያ ያለ ነው። ስለዚህ ውል ላይ «ክፍያው በ60 ሳንቲ ሜትር ስፋት ነው» ብሎ አስቀድሞ መጻፍ ይበጃል። ልኬቱም ቱቦው ከመቀበሩ በፊት፣ ሁለታችሁም ባላችሁበት ይወሰድ። ከተሞላ በኋላ ማንም የማንንም ቃል አያምንም።

ጠጠሩ ስንት ይሆናል?

እንዴት እንደሚከበብ ይወስነዋል። ሁለት አማራጭ አለ።

የመጀመሪያው ከሥር 10 ሳንቲ ሜትር፣ ከዚያ እስከ ቱቦው ወገብ ድረስ ጠጠር ማድረግ ነው። የሥሩ ንጣፍ 42 × 0.60 × 0.10 = 2.52 ሜትር ኪዩብ ይፈልጋል። ወገቡ ድረስ ያለው 8 ሳንቲ ሜትር ደግሞ 2.02 ነው፤ የግማሽ ቱቦው ቦታ 0.42 ሲቀነስ 1.60 ይቀራል። በጠቅላላው 4.1 ሜትር ኪዩብ ገደማ። ከዚያ በላይ ድንጋይ የሌለበት የተለቀመ አፈር ይገባል።

ሁለተኛው ቱቦውን ሙሉ በሙሉ መክበብና ከአናቱ 10 ሳንቲ ሜትር በላይ ድረስ ጠጠር መሙላት ነው። የጠጠሩ አጠቃላይ ከፍታ 10 + 16 + 10 = 36 ሳንቲ ሜትር ይሆናል።

```
42 × 0.60 × 0.36 = 9.07
42 × 3.14 × 0.08 × 0.08 = 0.84
9.07 − 0.84 = 8.23
```

መሐል ላይ ያለው 0.84 የቱቦው የራሱ ቦታ ነው፤ ብዙ ሰው መቀነሱን ይረሳል። ለሚባክነውና ከአፈር ጋር ለሚደባለቀው 10 በመቶ ሲጨመር 9 ሜትር ኪዩብ ማዘዝ ነው።

እኔ የምመርጠው ሁለተኛውን ነው፣ በተለይ የላይኛው ጫፍ ላይ። እዚያ ከቱቦው አናት በላይ ያለው ሽፋን 44 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። የመኪና መግቢያ በዚያ ካለፈ ደግሞ ጠጠሩ ብቻውን አይበቃም፤ ከጠጠሩ በላይ፣ ቱቦውን ሳይነካ፣ በሁለቱም በኩል ባልተቆፈረ መሬት ላይ የሚያርፍ የአርማታ ሰሌዳ ያስፈልጋል።

የጠጠሩ ፍሬ ትልቁ ከ20 ሚሊ ሜትር ባይበልጥ ጥሩ ነው። ሻካራና ትልልቅ ድንጋይ ፒቪሲን በነጥብ ይጫነዋል፤ ቀስ በቀስ ይጎደጉደዋል። ሲወርድም ከመኪና ቀጥታ ቦዩ ውስጥ አይገልበጥ። ዳር ላይ ይውረድና በአካፋ በሁለቱም ጎን እኩል ይግባ፤ አለበለዚያ ቱቦው ከመስመሩ ይገፋል።

አንድ ትንሽ ነገር እዚህ ላይ አለች፣ ችላ የምትባል። ሰፊው አፍ ከቱቦው አካል ይወፍራል። ንጣፉ ወጥ ሆኖ ቱቦው ቢቀመጥበት የሚያርፈው በአፎቹ ላይ ነው፣ አካሉ ሥሩ ባዶ ይቀራል። አፉ በሚያርፍበት ቦታ ጠጠሩን በእጅ ትንሽ ጎድጎድ ያድርጉት፤ ቱቦው በሙሉ ርዝመቱ ይተኛል።

የእኔ ቦታ ጥቁር አፈር ነው። ለውጥ አለው?

አለው። ጥቁር አፈር ክረምት ይነፋል፣ በጋ ይሰነጠቃል። አዲስ አበባ ውስጥ እንደ ቦሌ ባሉ ሜዳማ አካባቢዎች የሚያጋጥመው ይኸው ነው። ቱቦው በየዓመቱ ከፍ ዝቅ ሲል 1 በ60 የነበረው ስሎፕ መሐል ላይ ሆድ ያወጣል።

ንጣፉን ከ10 ወደ 15 ወይም 20 ሳንቲ ሜትር ማወፈር ይረዳል። እያንዳንዱ 5 ሳንቲ ሜትር 1.26 ሜትር ኪዩብ ይጨምራል፣ ያውም ሁለቴ፦ አንዴ ቁፋሮ ላይ፣ አንዴ ጠጠር ላይ። ጎማ ያለው መጋጠሚያም ከሚጣበቀው ይመረጣል፤ ሲንቀሳቀስ ይችላል። የወጣውን ጥቁር አፈር መልሰው ቱቦው ላይ አይሙሉት። ሰለክት ማቴሪያል የሚባለውን፣ ከሌላ ቦታ የሚመጣ የማይነፋ አፈር ያስገቡ፤ ይህ ማለት 15 ሜትር ኪዩብ ገደማ ተጨማሪ ግዢ ነው፣ በጀት ላይ ቀድሞ ይግባ።

ቦዩ ውስጥ ሆኜ ስሎፑን በምን ልቆጣጠር?

ርካሹና አስተማማኙ ዘዴ ይኼ ነው። 3 ሜትር ቀጥ ያለ እንጨት ያዘጋጁ። በአንደኛው ጫፍ ሥር ልክ 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ቁራጭ ይምቱበት። 3 ሜትር ለ60 ሲካፈል 5 ሳንቲ ሜትር ነውና። ቁራጩ ያለበትን ጫፍ ወደ ታችኛው ማንሆል አዙረው እንጨቱን ቱቦው ላይ ያስቀምጡ፤ አፎቹን ሳይነካ። ከላይ ውሃ ልክ ያስቀምጡበት። አረፋዋ መሐል ከቆመች ቱቦው 1 በ60 ላይ ነው። ወደ ታችኛው ማንሆል በኩል ካዘነበለች ያ ጫፍ ከፍ ብሏል፣ ስሎፑ አንሷል ማለት ነው።

ስህተት እንዳይጠራቀም ግን በየቱቦው መለካት ብቻ አይበቃም። ከማንሆል ማንሆል ሲባጎ ይወጠር። በሁለቱም ጫፍ ከኢንቨርቱ እኩል ከፍታ ላይ፣ ለምሳሌ 1.50 ሜትር ላይ፣ ያስሩት። ሲባጎው ራሱ 1 በ60 ይወርዳል። ከዚያ በየትኛውም ቦታ ከሲባጎው እስከ ቦዩ ወለል 1.60 መምጣት አለበት፤ 10ሯ ለጠጠሩ ናት። ሲባጎ መሐሉ ላይ እንዳይረግብ አንድ ሁለት ቦታ ከሥሩ ይደገፍ፤ የድጋፉን ከፍታ በውሃ ጎማው ያረጋግጡ።

ቱቦ መቅበር የሚጀመረው ከታችኛው ጫፍ ነው፣ ሰፊው አፍ ወደ ላይ እያየ።

ቆፋሪው ከልኩ በላይ ቢያጠልቀውስ?

በአፈር አይመለስ። ልቅ አፈር በኋላ ይሰምጣል፣ ቱቦውንም ይዞ ይወርዳል። በጠጠር ይሞላ። ወጪው የማን እንደሆነም ቀድሞ ይነገር። ለምሳሌ 10 ሜትር ርዝመት ላይ 10 ሳንቲ ሜትር ቢያጠልቅ 0.6 ሜትር ኪዩብ ጠጠር ነው።

ስንት አፈር ይተርፋል?

ከ24 ሜትር ኪዩብ ውስጥ ጠጠሩና ቱቦው 9 ይይዛሉ። 15 ተመልሶ ይሞላል። 9 ይተርፋል። ግን የተቆፈረ አፈር ይነፋል፤ 30 በመቶ ብንይዝ 12 ሜትር ኪዩብ ያህል ይጫናል፣ አንድ ሲኖትራክ ይበቃዋል። ቦዩ ዳር የሚከመረው ደግሞ ለጊዜው 31 ሜትር ኪዩብ ይደርሳል። ከጠርዙ ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር ይራቅ። ታችኛው ጫፍ ላይ ጥልቀቱ 1.20 ስለሚደርስ ክምሩ ግድግዳውን ሊንድ ይችላል። አፈሩ ልቅ ወይም እርጥብ ከሆነ ሰው ከመግባቱ በፊት በጣውላ ይደገፍ።

ግቢዬ በጣም ተዳፋት ነው። 1 በ60 ላይ ልጽና?

አይሆንም። መሬቱ በ42 ሜትር ውስጥ 2 ሜትር ይወርዳል እንበል። ቱቦው 70 ሳንቲ ሜትር ብቻ ቢወርድ ታችኛው ጫፍ ላይ ኢንቨርቱ ከመሬት በላይ 70 ሳንቲ ሜትር ይወጣል። እዚህ ቱቦው ከመሬቱ ጋር እኩል ይውረድ፤ 1 በ21 ይሆናል። ጥልቀቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት ስለሚሆን ቁፋሮውም ያንሳል፦ 42 × 0.60 × 0.70 = 17.6 ሜትር ኪዩብ።

አፈር ከመመለሱ በፊት ምን ልይ?

ሁለት ነገር። በአንደኛው ማንሆል ባትሪ አብርተው በሌላው በኩል በመስታወት ይመልከቱ። ሙሉ ክብ ከታየ መስመሩ ቀጥ ብሏል። ክቡ ከታች ከተቆረጠ መሐል ላይ ጉብታ አለ፣ ከላይ ከተቆረጠ ሆድ አውጥቷል፣ ከጎን ከተቆረጠ ታጥፏል።

ቀጥሎ የታችኛውን ጫፍ ደፍነው ከላይ ውሃ ይሙሉ፤ ግማሽ ሰዓት ይጠብቁ። ውሃው ቢቀንስ በየመጋጠሚያው ሥር እርጥብ ጠጠር ይፈልጉ። ለዚህ ሲባል መጋጠሚያዎቹ እስኪፈተኑ ድረስ ሳይሸፈኑ ይቆዩ፤ የቱቦው አካል ብቻ ጠጠር ይልበስ። ውሃውን ሲለቁት ደግሞ በሆዱ የቀረ ካለ በመስታወቱ ያብረቀርቃል። እዚያ ቦታ ቱቦውን አንስቶ ጠጠሩን ማስተካከል አሁን የአንድ ሰዓት ሥራ ነው።